እንቁላልና ለውዝ ለሕፃናት፦ አጀማመር እና የአለርጂ ምልክቶች

የምግብ አለርጂ የሚፈጠረው የሰውነት መከላከያ በምግብ ውስጥ ያለን ፕሮቲን እንደ ጎጂ ነገር ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። በሕፃናት ላይ አለርጂ በብዛት ከሚያስነሱ ምግቦች መካከል የላም ወተት፣ እንቁላልና ለውዝ (ኦቾሎኒ) ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ እንቁላልንና ለውዝን ለሕፃን እንዴት ማስጀመር እንደሚቻል፣ አለርጂ ቢነሳ በምን እንደሚታወቅና ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

ማዘግየት ይጠቅማል?

ብዙ ወላጆች ለውዝና እንቁላል ልጁ ጠንከር እስኪል ቢቆዩ ይሻላል ብለው ያስባሉ። ሐኪሞችም በአንድ ወቅት እንዲሁ ይመክሩ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 እ.ኤ.አ. ለአለርጂ ተጋላጭ ለሆኑ ሕፃናት እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ለውዝ ደግሞ እስከ 3 ዓመት እንዳይሰጥ መክሮ ነበር። ማዘግየቱ አለርጂን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተገኘ በ2008 ምክሩ ቀርቷል።

ግልጽ መልስ የተገኘው በ2015 ነው። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክ የተመራ ጥናት ከባድ ችፌ (ኤክዚማ) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት ተከታተለ። ግማሾቹ ለውዝ ያለበት ምግብ ዘወትር እንዲበሉ፣ ግማሾቹ ፈጽሞ እንዳይቀምሱ ተደረገ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ለውዝ ካልቀመሱት ከ100 ልጆች 17 ያህሉ የለውዝ አለርጂ ሲኖርባቸው፣ ከሚበሉት ግን 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ይገለጻል። ለውዝ በአፍ ገብቶ ወደ አንጀት ሲደርስ ሰውነት እንደ ምግብ መቀበልን ይማራል። በተሰነጣጠቀ ወይም ችፌ ባለበት ቆዳ በኩል መጀመሪያ ሲገባ ግን እንደ ጠላት የመቁጠር ዕድሉ ይጨምራል።

ይህ ከአሶሳ በስተሰሜን በምትገኘው ሆሞሻና በአካባቢዋ ላሉ ቤተሰቦች ልዩ ትርጉም አለው። ለውዝ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሚመረቱ ሰብሎች አንዱ ነው። በሚፈለፈልበት፣ በሚቆላበትና በሚወቀጥበት ቤት ብናኙ ከእጅ፣ ከልብስና ከምንጣፍ አይጠፋም። በእንዲህ ያለ ቤት ሕፃኑ ለውዝ ባይሰጠውም ቆዳው ያገኘዋል። ስለዚህ ለውዝን ከአፉ ማራቅ ልጁን ከለውዝ አያርቀውም። የሚሻለው ጊዜው ሲደርስ በአፉ እንዲለምደው ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕፃኑን ከማቀፍዎ ወይም ቅባት ከመቀባትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ችፌውንም ያሳክሙ።

መቼና ለማን?

እስከ 6 ወር ሕፃኑ የእናት ጡት ብቻ ይጠባል። ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው 6 ወር ሲሞላው ነው። መጀመሪያ ገንፎ ይልመድ፤ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝና በማንኪያ የተሰጠውን መዋጥ ከቻለ በኋላ እንቁላልና ለውዝ በተከታታይ ሳምንታት ይጀመራሉ። ጡት ማጥባቱ ይቀጥላል።

ችፌው ከባድ የሆነ ሕፃን ወይም ከዚህ በፊት ምግብ ቀምሶ ያበጠና ሽፍታ የወጣበት ሕፃን በቤት ውስጥ አይጀምርም። አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የአለርጂ ምርመራ በማይገኝበት ቦታ የመጀመሪያው ቅምሻ አድሬናሊን ባለበት የጤና ተቋም፣ ባለሙያ እያወቀው ቢደረግ ይመረጣል።

አዘገጃጀት

እንቁላል፦ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ለ12 ደቂቃ ያህል ይቀቀል። አስኳሉም ነጩም ጠንካራ መሆን አለበት። አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን በብዛት ያለው በነጩ ክፍል ስለሆነ አስኳሉን ብቻ መስጠት ልጁን ከእንቁላል ጋር በሚገባ አያለማምደውም። ሁለቱም አንድ ላይ ተፈጭተው በታለበ የእናት ጡት ወይም በገንፎ ይለወሱ። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ እንቁላል አይሰጥ።

ለውዝ፦ የሻገተውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና የተጨማደደውን ለይተው ይጣሉ፤ ሻጋታ የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጥሩውን ቆልተው ገለፈቱን ያንሱ፤ ስኳርና ጨው ሳይጨምሩ እስኪልም ይውቀጡ ወይም ይፍጩ። ከዚያ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ያቅጥኑት። ወፍራም የለውዝ ቅቤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ሙሉ ወይም የተከካ ለውዝ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ።

የመጀመሪያው ቀን

ሕፃኑ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን የሌለበት ቀን ይምረጡ። ማለዳ ይሁን፤ ምልክት ቢታይ ጤና ጣቢያው ክፍት፣ መጓጓዣም የሚገኝ እንዲሆን ነው። በቅርብዎ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ምግብ አይስጡ፤ የትኛው እንዳስነሳበት መለየት ያቅታል።

በማንኪያ ጫፍ ጥቂት አቅምሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ምንም ካልታየ የቀረውን ቀስ እያሉ ይስጡ፤ ከዚያ ለ2 ሰዓት ከአጠገቡ አይራቁ። ለመሞከር ብለው ምግቡን ቆዳው ላይ አይቀቡ።

ምሳሌ

በሆሞሻ ያለች አንዲት እናት ልጇ 6 ወር ከ2 ሳምንት ሆኖታል እንበል። ክብደቱ 8 ኪሎ ነው፤ ጉንጩ ላይ ቀለል ያለ ችፌ አለበት፤ የማሽላ ገንፎ ለምዷል።

ሰኞ ማለዳ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል የተቀቀለ እንቁላል በገንፎ ለውሳ ሰጠችው። ምግቡ በነካው አገጩ ዙሪያ ትንሽ ቀላ፤ ጠረገችለት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ያበጠ ነገር አልነበረም፤ ወደ ሌላ ቦታም አልተዛመተም። እንዲህ ያለው መቅላት ብዙውን ጊዜ ምግቡ ቆዳውን ስለነካው ብቻ የሚመጣ ነው። ማክሰኞ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰጠችው፤ ደህና ሆነ። በሚቀጥሉት ቀናት እየጨመረች ወደ አንድ ሦስተኛ እንቁላል ደረሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት ማለዳ ለውዝ ጀመረች። የማንኪያ ጫፍ ካቀመሰችው በኋላ 10 ደቂቃ ጠበቀች፤ ምንም አልታየም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የቀጠነ ለውዝ ጨመረችለት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሆዱና ጀርባው ላይ ሳማ የለበለበው የሚመስል ከፍ ከፍ ያለ ሽፍታ ወጣ። ወዲያው ሳል ተከታተለበት፤ የለቅሶው ድምፅም ጎረነነ።

ሽፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለውዙን አቁማ እየተከታተለች ባለሙያ ታማክር ነበር። ሳሉና የድምፁ መጎርነን ግን አለርጂው ወደ መተንፈሻ አካል መድረሱን ያሳያሉ። ስለዚህ ሳትጠብቅ ሕፃኑን በክንዷ ላይ አጋድማ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። በዚያ ባለሙያው በጭኑ ጡንቻ አድሬናሊን ወጋው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ስለሆነ 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 0.08 ሚሊግራም ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሊደገም ይችላል።

ምልክቶቹን መለየት

የአለርጂ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከተመገበ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል።

ቀላል ምልክቶች፦
- ከፍ ከፍ ያለ የሚያሳክክ ሽፍታ
- የከንፈር፣ የዓይን ዙሪያ ወይም የፊት እብጠት
- አንድ ጊዜ ማስታወክ

አደገኛ ምልክቶች (አናፊላክሲስ)፦
- የማያቋርጥ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ወይም የሚያቃትት አተነፋፈስ
- የምላስ ማበጥ፣ ለሃጭ መዝረክረክ፣ የድምፅ መጎርነን
- ድንገት መገርጣት፣ መዛል ወይም ከወትሮው ውጭ መፍዘዝ
- ከሽፍታ ጋር ተደጋጋሚ ማስታወክ

ከአደገኞቹ አንዱ እንኳ ከታየ ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሽፍታ የግድ መኖር የለበትም። ሕፃን ጉሮሮዬን አነቀኝ ማለት ስለማይችል፣ ከምግብ በኋላ ድንገት ዝም ብሎ የዛለ ልጅ ተኛ ተብሎ አይተው።

አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ሽፍታ ሳይኖራቸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይተው በተደጋጋሚ ያስታውካሉ፤ ይገረጣሉ፤ ይዝላሉ። ይህም ሌላ ዓይነት የምግብ አለርጂ ነው፤ ፈሳሽ ስለሚያሟጥጥ በአስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ትውከቱ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ግን አለርጂ ነው ብለው አይደምድሙ። ወባ ባለበት አካባቢ የደም ምርመራ ይደረግለት።

ምልክት ሲታይ

መመገቡን ያቁሙ፤ በአፉ የቀረውን ያውጡ። ሕፃኑን በጀርባው ወይም በክንድዎ ላይ ያጋድሙት፤ ካስታወከ በጎኑ ያድርጉት። ቀጥ አድርገው አቅፈው ወይም አዝለው አይሂዱ፤ የደም ግፊቱ በወረደ ጊዜ ቀጥ ማለት አደጋውን ያብሳል።

እንዲያስታውክ ለማድረግ አይሞክሩ። ወተት፣ ዘይት ወይም የባህል መድኃኒት አያጠጡት። ለማሳከክ የሚሰጥ ሽሮፕ ሽፍታውን ሊያስታግስ ይችላል፤ የታፈነ ትንፋሽ ግን አይከፍትም። ያን የሚያደርገው አድሬናሊን ነው። ጤና ኬላው ቢቀርብዎም መርፌው ከሌለው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ለ4 ሰዓት በሕክምና ተቋሙ ይቆዩ። የበላውን ምግብ፣ መጠኑንና ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ለባለሙያው ይንገሩ። ያንን ምግብ ሐኪም ሳይፈቅድ ዳግም አይስጡት። ሌሎች ያለ ችግር የሚበላቸውን ምግቦች ግን አያቋርጡ፤ በምሳሌው ያለው ሕፃን እንቁላሉን ይቀጥላል።

ምንም ካልታየስ?

አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ምንም ችግር ይለምዳሉ። ያኔ የሚፈጸመው ስሕተት አንዴ አቅምሶ መተው ነው። ጥቅሙ የሚገኘው በመቀጠል ነው። የለውዙን መጠን እየጨመሩ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያድርሱት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ በገንፎ አቅጥነው ይስጡት። በደንብ የበሰለ እንቁላልም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይብላ። ለውዝ በሚቆላበት ቤት ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ከቤተሰቡ ድርሻ ጥቂት ማላም ብቻ ነው።