ከዜና ፎቶ ላይ አንድ ድንጋይ ማጥፋት ምን ችግር አለው?

ከደባርቅ ተነስታችሁ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የወረዳችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ጥምዝምዝ ነው፤ አንዱ ጎን አለት፣ ሌላው ጎን ገደል። እንበልና እዚያ አንድ አይሱዙ ተገልብጦ አገኛችሁ። ስልካችሁን አውጥታችሁ አነሳችሁ። ፎቶው አሪፍ ወጥቷል፣ ግን መንገዱ መሃል አንድ ትልቅ ድንጋይ ተጎልቶ ዓይን ይስባል። ማጥፊያውን ከፍታችሁ በጣታችሁ ከበብ አደረጋችሁት። ጠፋ። ፖስት!

ችግሩ፣ ያ ድንጋይ ዝም ብሎ የተገኘ ላይሆን ይችላል። ዳገት ላይ መኪና የቆመበት ሹፌር ጎማው ስር ድንጋይ ያደርጋል። አስነስቶ ሲሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቶት ነው። በኋላ የመጣው አይሱዙ የተገለበጠው ያንን ድንጋይ ለመሸሽ ሲል ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እናንተ ፎቶ ስታነሱ ይህን አታውቁም። ድንጋዩ ፎቶው ላይ ካለ ትራፊክ ፖሊሱም፣ የተጎጂው ቤተሰብም፣ የኢንሹራንስ ሰዎችም አይተው ይጠይቃሉ። ከሌለ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

የዜና ፎቶ ሕግ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። «ዋናውን ነገር እንዳትነኩ» አይልም፤ ምንም ነገር እንዳትጨምሩ፣ ምንም ነገር እንዳታጠፉ ይላል። የትኛው ነገር ዋና እንደሆነ አንሺው በዚያች ሰዓት ሊያውቅ አይችልማ።

የአይሱዙው ታሪክ ምሳሌ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን በእውን የሆነ ነው። ናርሲሶ ኮንትሬራስ የሚባል ሜክሲኳዊ ፎቶ አንሺ ለአሶሺየትድ ፕሬስ (ኤፒ) የሶሪያን ጦርነት ይዘግብ ነበር። በሶሪያ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት ካገኙት አምስት የኤፒ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ኢድሊብ ውስጥ አንድ ታጣቂ ከተኩስ ሲከለል አነሳው። በፎቶው ታችኛ ግራ ጥግ ላይ የባልደረባው ቪዲዮ ካሜራ መሬት ላይ ተቀምጦ ይታይ ነበር። ኮንትሬራስ ካሜራው የተመልካቹን ዓይን ይወስዳል ብሎ አሰበና ከጎኑ ያለውን አፈርና ድንጋይ ቀድቶ ለጠፈበት።

ስለ ጦርነቱ የተለወጠ ነገር አለ? የለም ማለት ይቻላል። ታጣቂው እውነት ነው፣ ጠመንጃው እውነት ነው። ኤፒ ግን እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ላይ ከእሱ ጋር መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶዎቹን ከኦሪጅናላቸው ጋር አስተያየ፤ ሌላ የተነካካ አላገኘም። ቢሆንም ፎቶዎቹን በሙሉ ከሽያጭ ማህደሩ አወጣቸው። ጉዳዩን ለኤፒ አዘጋጆች የተናገረው ራሱ ኮንትሬራስ ነበር፤ የተሳሳተ ውሳኔ መወሰኑንም አመነ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አበዙት» ይላል። እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር። ግን ጥጉን ልብ በሉት፦ ካሜራው ከታጣቂው በተጨማሪ ሌሎች ጋዜጠኞችም እዚያ እንደነበሩ ይነግረን ነበር። ካሜራ ፊት የሚዋጋ ሰውና ብቻውን የሚዋጋ ሰው አንድ አይደሉም። ያንን የመመዘን መብት የተመልካቹ ነው። ኤፒ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌላ ፎቶ አንሺ ጋር የተለያየው ደግሞ አርጀንቲና ውስጥ ኳስ ከሚጫወቱ ልጆች ፎቶ ላይ የገዛ ጥላውን ስላጠፋ ነው። ጥላውን!

ታዲያ ምን ይፈቀዳል? በጨለማ የተነሳን ፎቶ ዓይን ባየው መጠን ማብራት፣ ቀለሙን ማስተካከል፣ ካሜራው ላይ ያረፈ አቧራ የፈጠረውን ነጠብጣብ ማንሳት ይፈቀዳል። ክሮፕ ማድረግም ይቻላል፤ ምክንያቱም ፎቶ በባሕርዩ የሆነ ቦታ ላይ ያልቃል፣ ተመልካቹም ከጠርዙ ውጭ ሌላ ነገር እንዳለ ያውቃል። መሃል ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ በሐሰተኛ አፈር መደፈኑን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሆኖም ክሮፕም ይዋሻል። ስሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ከታጠቀ ስካውት ጋር ነው የሚሄደው። ስካውቱን ቆርጣችሁ ቱሪስቷን ብቻ ብታስቀሩና «ብቻዋን ተራራውን የወጣችው» ብትሉ ማጥፊያውን ሳትነኩ ዋሻችሁ ማለት ነው። ድንጋዩ ካስጠላችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ሌላ ፎቶ አንሱ፤ ድንጋዩ ያለበትንም አትሰርዙ።

ስለ ስሜን ካነሳን፣ የተፈጥሮ ፎቶ ላይ ነገሩ ላላ የሚል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጭላዳዎቹ ሳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ላሞች ይግጣሉ። ላሞቹን አጥፍቶ «ድንግል ተፈጥሮ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ከሰፈረባቸውና እስከ 2017 ካቆዩት ምክንያቶች መካከል የእርሻ መስፋፋትና የከብት ግጦሽ ነበሩ። የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ የመጡትም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ስለዚህ ላሞቹን ያጠፋ ሰው ያጠፋው የፓርኩን ዋና ክርክር ነው። ለግድግዳ ጌጥ ወይም ለሆቴል ማስታወቂያ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። «የስሜን ሁኔታ ዛሬ» ብላችሁ ከለጠፋችሁት ግን ዶክመንታሪ ነው፣ ሕጉም ያው ነው።

መጨመር ደግሞ ከማጥፋት ይብሳል፤ በአገራችን ታሪክ ትልቁ ምሳሌ የመጣውም ከፎቶ ሳይሆን ከፊልም ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ይህን ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳዩ ምስሎችን ሰካበት። የተላለፈው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ነው። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ንጉሡ መወቀስ ይገባቸው ነበር ብሎ የሚከራከር ሰውም ሊከራከር ይችላል፤ እኔ እዚያ አልገባም። ቁም ነገሩ፣ ከሥጋው ወደ ሕጻኑ የሚያሻግረው ቆረጣ ዲምብልቢ የሠራው አልነበረም። ሁለት እውነተኛ ምስል ጎን ለጎን ሲሰፋ ሦስተኛ ሐሳብ ይወልዳል፤ ያንን ሐሳብ የወለደው ማን እንደሆነ መናገር ደግሞ የሰፊው ግዴታ ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ የአንዱን ቦታ ታጣቂ ከሌላው ቦታ ሬሳ ጋር የሚያጣብቀው ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው።

«ኤዲት መደረጉን ብገልጽስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለዜና ፎቶ አይሠራም። «ድንጋይ ጠፍቷል» ብሎ ከመጻፍ ድንጋዩን መተው ይቀላል። መግለጽ የሚጠቅመው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ለማስረጃ ሳይሆን ሐሳብን ለማሳየት ያህል የተሠራ ቅንብር ሲሆን ነው፤ ያኔ «ይህ ቅንብር ነው፣ የዜና ፎቶ አይደለም» ተብሎ ምስሉ ላይ ራሱ በጉልህ ይጻፋል። ምስሉ ላይ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሥር የጻፋችሁትን ጽሑፍ የመጀመሪያው ስክሪንሾት ቆርጦ ይጥለዋል።

ሁለተኛው የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ ፊት ሲሸፈን ነው። ኤፒ ይህንንም በኤዲቲንግ መሥራት አይፈቅድም፤ ፎቶ አንሺዎቹ ከጀርባ ወይም በጥላ እንዲያነሱ ነው የሚጠበቀው። እንደ እኔ የተሻለው እሱ ነው። ግን ሌላ ሰው ያነሳው ፎቶ ከመጣላችሁና ሴትዮዋ ከታወቀች የምትጎዳ ከሆነ ሸፍኑ፤ «ለደህንነቷ ሲባል ፊቷን የሸፈንነው እኛ ነን» ብላችሁም ጻፉ። ሽፋኑ ድፍን ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንተርፖል አንድ ወንጀለኛ በኮምፒውተር ያጠማዘዘው የራሱ ፊት በባለሙያዎች ከተፈታ በኋላ ለዓለም አሳይቷል፤ ጥምዝም ፊት ይፈታል። ደባርቅን ወይም ዳባትን በሚያህል ከተማ ደግሞ ፊት ባይታይም ሻርፑ፣ የቤቱ በርና አጥሩ ሰውየውን ያስታውቃሉ። እነሱን ለመደበቅ ፎቶውን ግማሽ መሸፈን ካለባችሁ ፎቶውን ተዉትና በጽሑፍ ንገሩን።

ሰው የላከላችሁ ፎቶ ተነካክቶ እንደሆነስ በምን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ሮይተርስ ከቤይሩት ያሰራጨው የጭስ ፎቶ የተጋለጠው በተራ ብሎገሮች ዓይን ነው። ፎቶ አንሺው ጭሱን ለማክበድ ከአንዱ ቦታ ቀድቶ ሌላው ላይ ለጥፎ ነበር፤ ተመሳሳይ ክብ ጭስ ደጋግሞ ተደርድሮ ይታያል። እውነተኛ ጭስ ራሱን አይደግምም። ሮይተርስ የዚያን ሰው 920 ፎቶዎች በሙሉ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 የስሜን ፓርክ እንደተቃጠለው ዓይነት እሳት ሲነሳና ፎቶ ሲጎርፍላችሁ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። ማጥፋት ሲሆን ደግሞ የሚቀረው ትርፍራፊ ነው፦ ባለቤት የሌለው ጥላ፣ መሃል ላይ የተቋረጠ የአጥር ሽቦ፣ ከዙሪያው የተለየ ልስልስ ያለ አፈር።

ከሁሉ የሚሻለው ኦሪጅናሉን መጠየቅ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓትና የስልኩ መረጃም ይጠፋል። ላኪውን `File` አድርጎ እንዲልክላችሁ ንገሩት። ደግሞ ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ ያነሳቸውን ሁለት ሦስት ፎቶዎች ጨምሮ እንዲልክ ጠይቁት። አደጋ ቦታ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ አንስቶ የሚሄድ ሰው የለም። ድንጋዩ በአንዱ ላይ ካለና በሌላው ላይ ከሌለ ደውሉለት።

ተሸውዳችሁ ከለጠፋችሁትስ? ሰርዞ ዝም ማለት ወይም ፎቶውን በስውር መቀየር አይሆንም፤ ፎቶው እስከዚያ ድረስ በሰው ስልክ ተበትኗል። ዋናውን ፎቶ፣ ምን እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው በዚያው ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያውን ያየው ሰው ሊያገኘው በሚችል ቦታ አውጡት።