ያገለገለ መኪና ወይም አዲስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት፦ ከክፍያ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

ይህ መረጃ በአዲስ አበባ ከተማ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ያገለገለ መኪና ወይም አዲስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ላሰቡ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። በግዢ ወቅት ብዙ ሰው ትኩረቱን የሚያደርገው በሞተሩና በቀለሙ ላይ ቢሆንም፣ ገንዘብ የሚያሳጡት አለመግባባቶች በብዛት የሚነሱት ከሰነድ ጉድለት ነው። ስለሆነም ሰነዱ ከተሽከርካሪው አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል።

1. ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ሰው በቅድሚያ ማረጋገጥ ያለበት

በአዲስ አበባ ከተማ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ገደብ ተጥሏል። በዚህ ምክንያት አንድ ሞተር ሳይክል በሱቅ ለሽያጭ መቅረቡ ብቻ ገዢው በከተማዋ ውስጥ ለግል ጉዞ ሊገለገልበት እንደሚችል አያረጋግጥም። ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሞተሩን ለምን ዓላማና በየትኛው አካባቢ እንደሚጠቀምበት ገልጾ ከከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ማረጋገጫ ማግኘት ይኖርበታል። የሻጩ የቃል ማረጋገጫ ይህንን አይተካም።

ከዚህ በተጨማሪ ሞተር ሳይክል የራሱ የመንጃ ፈቃድ ምድብ ያለው ተሽከርካሪ ነው። ገዢው ፈቃዱን የሚያወጣው በዚሁ ምድብ ሠልጥኖና ተፈትኖ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜና ወጪ ከግዢው ዋጋ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

አዲስ ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ገዢው ከሻጩ ሕጋዊ የሽያጭ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መረከብ አለበት። በአገር ውስጥ የተገጣጠመ ከሆነ ደግሞ የአምራቹን ማረጋገጫ ይረከባል። በሰነዶቹ ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በአካሉ ላይ ከተቀረጹት ጋር በእያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ መመሳሰል አለባቸው። “ዲክላራሲዮኑ በኋላ ይደርሳል” ተብሎ የሚፈጸም ግዢ ገዢውን ሰሌዳ ሊያወጣለት በማይችል ንብረት ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

2. ያገለገለ መኪና፦ የባለቤትነት ሰነዱን መመርመር

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በገበያው ላይ የሚገኙት የነዳጅ መኪኖች በብዛት ቀድሞ የገቡና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። መኪናው በተላለፈ ቁጥር ስሙ በትክክል መዛወሩን ማጣራት የገዢው ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በሊብሬው ላይ የተመዘገበው ባለቤትና ለሽያጭ የቀረበው ሰው አንድ መሆናቸውን በመታወቂያ ማመሳከር ነው። ቀጥሎ የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከራል። በሻንሲ ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ፣ የመፋቅ ወይም በዚያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም የመቀባት ምልክት ከታየ ግዢው ሊቆም ይገባል።

ሊብሬው ትክክለኛ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። መኪናው በባንክ ብድር መያዣነት የተመዘገበ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ያልተከፈለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ጋር ፋይሉ ወደሚገኝበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በመሄድ ተሽከርካሪው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ እንዲሁም ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩን ማጣራት አለበት። ሻጩ አብሮ ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆነ ይህ ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ያላገባ ሻጭ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያቀርባል።

3. በውክልና ስለሚፈጸም ግዢ

በተግባር በብዛት የሚያጋጥመውን ሁኔታ በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ገዢ ቪትዝ መኪና ሊገዛ ይስማማል። ሊብሬው በመጀመሪያው ባለቤት ስም ነው፤ መኪናውን የያዘው ግን ከባለቤቱ ውክልና የወሰደ ሁለተኛ ሰው ነው። ይህ ሰው “የስም ዝውውር ወጪ ከምናወጣ እኔም ውክልናውን ላስተላልፍልህ” ይላል። ገዢውም ተስማምቶ ሙሉ ክፍያ ይፈጽማል፤ ሁለት ዓመትም ያለ ችግር ያሽከረክራል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ባለቤት ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይ ውክልናው በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። ወራሾቹ ሊብሬውን መሠረት አድርገው መኪናውን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ገዢው በእጁ የሽያጭ ውል ስለሌለው ክፍያውን ለማስረዳት ይቸገራል። ባለቤቱ በሕይወት ቢኖርም ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ ሊሽር ይችላል።

ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስሙን ሳያዛውር መኪናውን ያስረከበ ሰው፣ ሌላው ላደረሰው አደጋ ተከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ሆኖም ወኪል በባለቤቱ ስም የሽያጭ ውል መፈረም ይችላል። በዚህ ጊዜ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ የሚሰጥ፣ ያልተሻረና የመኪናውን መለያ በትክክል የያዘ መሆኑ ይጣራል። መወገድ ያለበት ውክልናን በሽያጭ ውል ምትክ መቀበል ነው።

4. ቀብድና የክፍያ ቅደም ተከተል

ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ለምሳሌ ገዢው 50,000 ብር ቀብድ ከፍሎ ሻጩ ለሌላ ሰው ልሽጥ ቢል፣ 100,000 ብር መመለስ ይኖርበታል። በተቃራኒው ገዢው ፋይሉን ሳያጣራ ቀብድ ከፍሎ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል፦

ሀ. ሊብሬውን፣ መታወቂያውንና የመኪናውን ቁጥሮች ማመሳከር፤
ለ. መኪናውን በገዢው በተመረጠ መካኒክ ማስመርመር፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማስነሳት፤
ሐ. በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ዕዳና እገዳ ማጣራት፤
መ. ቀብድ አስፈላጊ ከሆነ “ዕዳ ወይም እገዳ ቢገኝ ቀብዱ ይመለሳል” የሚል ቃል በጽሑፍ አስፍሮ መክፈል፤
ሠ. በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርቦ የሽያጭ ውል መፈራረም፤ ቀሪውን ክፍያ በባንክ ማስተላለፍ፤
ረ. ሳይዘገዩ ስም ማዛወርና የሦስተኛ ወገን መድን በአዲሱ ባለቤት ስም መኖሩን ማረጋገጥ።

በምርመራው ወቅት ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ግን ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ሊጠቁም ይችላል። ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ እንደገና ማስነሳት ተገቢ ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፉን የሚያሳየው ቦሎ መኪናው በምርመራው ቀን የነበረበትን ሁኔታ የሚገልጽ በመሆኑ የመካኒክ ምርመራን አይተካም።

ማሳሰቢያ፦ ገዢው የውሉን ቅጂ፣ የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኙንና በስሙ የተዘጋጀውን ሊብሬ በአንድነት ሊያስቀምጥ ይገባል። ሻጩም ስሙ መዛወሩን ከጽሕፈት ቤቱ ሳያረጋግጥ ጉዳዩ እንደተጠናቀቀ ሊቆጥር አይገባም።