«ዝግ» እና «ክፍት»፦ በአንዲት መብራት የዑደት ንድፍ ላይ የቀረበ ታሪካዊ ማስታወሻ

የኤሌክትሪክን ትምህርት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ ቀላል ሥዕል ያገኛል። ሥዕሉ ባትሪ፣ ማብሪያና ማጥፊያ እንዲሁም አምፖል በመስመር ተያይዘው አራት ማዕዘን ሲሠሩ የሚያሳይ ነው። ምልክቶቹ በየአገሩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ትርጉም አያሻቸውም። የሚያስቸግሩት በሥሩ የሚጻፉት ቃላት ናቸው። ችግሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ምልክቶቹ አመጣጥ መለስ ማለት ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ1800 አሌሳንድሮ ቮልታ ከኮሞ ወደ ለንደን በላከው ደብዳቤ አዲስ የፈለሰፈውን መሣሪያ ገለጸ። መሣሪያው የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በየመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ካርቶን እየገባ የተደራረቡበት ነው። ቮልታ የሣለው ዕቃውን ራሱን ነበር፤ ብሩንና ዚንኩንም በፊደል ለየ። ዛሬ በንድፉ ላይ የቀሩት ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ሁለቱን የብረት ዝርጎች ይወክላሉ፤ ረጅሙ አዎንታዊውን ጫፍ፣ አጭሩ አሉታዊውን ያመለክታል። አንድ ጥንድ መስመር አንድ ሕዋስ ነው። ባትሪ የሚባለው ግን ብዙ ጥንዶች ሲደረደሩ ነው። ስሙን ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1749 ከመድፍ ድርድር ወስዶ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሰጥቶት ነበር።

የእኛ ሕዝብ ግን ቃሉን በሌላ መንገድ ከፋፍሎታል። «ባትሪ» ሲል በእጅ የሚያዘውን መብራት ጭምር ያመለክታል፤ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ባትሪ ድንጋይ» ይለዋል። ስለዚህ ሁለት ድንጋይ የጎረሰ ባትሪ በንድፍ ሲሣል ሁለት ጥንድ መስመር ይኖረዋል፤ ተርጓሚው «አንድ ባትሪ» ብሎ ከጻፈ ተማሪው አንዱን ጥንድ ብቻ ይሥላል። «ድንጋይ» የሚለውን ቃል ለመጽሐፍ አይመጥንም ብለው የሚንቁ አሉ፤ እኛ ግን ሥዕሉ የሚፈልገውን ልዩነት የያዘው እርሱ ነው እንላለን።

የአምፖሉ ምልክት ብዙ አያቆየንም። በዓለም አቀፉ ደንብ በክብ ውስጥ መስቀለኛ ነው። በብሪታንያ የትምህርት መጻሕፍት ግን ክር መሰል ቅስት ያለበት ክብ ለመብራት፣ መስቀለኛው ደግሞ ምልክት ለሚሰጥ አምፖል ሲውል ይገኛል፤ ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ይጽና።

ከሁሉም የሚከብደው ማብሪያና ማጥፊያው ነው። ጥንት በአንድ ጫፉ በማጠፊያ የተያዘ የመዳብ ቢላዋ ነበር፤ ቢላዋው ወርዶ በሌላው ጫፍ መንጋጋ ውስጥ ሲገባ መንገዱ ይገናኛል። ምልክቱም ይህንኑ ያስታውሳል፤ የተቋረጠ መስመርና ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ያዘነበለ ክንድ ነው። በንድፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው ክንዱ እንደተነሣ፣ ማለት መብራቱ እንደጠፋ ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ሁኔታ «ክፍት» ይሉታል፤ ክንዱ ሲወርድ «ዝግ» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ሬዲዮ «ክፈት» ሲባል ድምፁ እንዲሰማ፣ ቧንቧ «ዝጋ» ሲባል ውኃው እንዲቆም ያደርጋል። «ማብሪያው ሲዘጋ አምፖሉ ይበራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰዋስዉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሐሳቡ ለተማሪው ተገላቢጦሽ ነው።

በበኩላችን «ገጠመ» የሚለውን ግሥ እንመርጣለን። በር ይገጥማል፤ ሁለት ጫፍም ይገጥማል፤ መዘጋትንና መገናኘትን በአንድነት ይይዛል። ተቃራኒው «ተቋረጠ» ይሁን። «ማብሪያ» የሚለው ስም እንኳ ሞተር ለሚያስነሣ መሣሪያ ሲውል ጎርበጥ ይላል፤ ለዚህች መብራት ግን ይበቃል።

እንግዲህ ንድፉን እንሣል። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ሁለት ድንጋዮችና ለ3 ቮልት የተሠራ አምፖል አሉን እንበል። በግራ በኩል ሁለቱን ጥንዶች በተከታታይ እናስቀምጣለን፤ የአንዱ አጭር መስመር ከሌላው ረጅም ጋር ይያያዛል። ከላይ ማብሪያውን፣ በቀኝ አምፖሉን አድርገን ሽቦዎቹን በማስመሪያ፣ ማዕዘናቸውን ቀጥ አድርገን እናገናኛለን። ከዚያ በጣት መከተል ነው። ከላይኛው ረጅም መስመር ተነሥቶ ማብሪያውንና አምፖሉን አልፎ ወደ ታችኛው አጭር መስመር የሚመለስ አንድ መንገድ ብቻ መኖር አለበት። ይህ የጉዞ አቅጣጫም የቆየ ስምምነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1897 የታወቀው ኤሌክትሮን በሽቦው ውስጥ የሚጓዘው በተቃራኒው ነው።

ተማሪው ማብሪያውን በመንገዱ ላይ ሳይሆን ከአምፖሉ ጎን፣ ሁለቱን የአምፖል ጫፎች የሚያገናኝ አድርጎ ከሣለው ጣቱ ሁለት መንገድ ያገኛል። ያ ንድፍ ቢሠራ ማብሪያው ሳይገጥም አምፖሉ ይበራል፤ ሲገጥም ይጠፋል፤ ድንጋዮቹም ይግላሉ። «ሲዘጋ ይበራል» የሚለውን ትርጉም አንብቦ «መዝጋት ማጥፋት ነው» ብሎ የሚያስብ ልጅ ይህን የተሳሳተ ሥዕል ትክክል ነው ብሎ ቢሟገት አይፈረድበትም። ከሥዕሉ ሥር ሊጻፍ የሚገባው፦ «ማብሪያው ሲገጥም አምፖሉ ይበራል፤ ሲቋረጥ ይጠፋል።»