«ደረቅ እጥበት» የሚለው ጽሑፍ ታሪክና ትርጉም

ናይለንና ፖሊስተር ገበያውን ሲሞሉት፣ ጥጥና ሱፍ ማጠብ የለመዱ ቤተሰቦች አዲሱን ጨርቅ ምን ያህል የሞቀ ውሃ እንደሚችል የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የየአገሩ ቋንቋ ይለያያል። ጂኔቴክስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1963 ፓሪስ ላይ ተቋቁሞ በጽሑፍ ፈንታ ሥዕሎችን አስፋፋ። ሳፋው ስለ እጥበት፣ ሦስት ማዕዘኑ ስለ በረኪና፣ አራት ማዕዘኑ ስለ ማድረቅ፣ ካውያው ስለ መተኮስ፣ ክቡ ስለ ላውንደሪ ይናገራል።

ሥዕሎቹ የሚነግሩን ልብሱ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ነው። ሳፋው ላይ 40 ከተጻፈ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ ማለት ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ አልተከለከለም። ክቡም ልብሱ በላውንደሪ ኬሚካል ሊጸዳ እንደሚችል ይገልጻል እንጂ ውሃን አይከለክልም። ውሃን የሚከለክለው ኤክስ የተደረገበት ሳፋ ነው።

አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ደንብ መመሪያው በቃላት እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር፤ በቃላት ፈንታ ሥዕል ብቻ ማድረግ የተፈቀደው በ1997 ነው። ደንቡ አምራቹን የሚጠይቀው አንድ አስተማማኝ የማጽጃ ዘዴ እንዲጽፍ ነው። ሌሎች የሚሆኑ ዘዴዎች ቢኖሩም የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ «ደረቅ እጥበት» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ልብስ በውሃም ሊታጠብ ይችል ይሆናል። «በደረቅ እጥበት ብቻ» ከተባለ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለት ልብሶችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ገበር የሌለው የፖሊስተር ሸሚዝ ነው፤ «ደረቅ እጥበት» ይላል። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ጥቂት ውሃ እናድርግና በነጭ ጨርቅ እንጫነው። ነጩ ጨርቅ ቀለም ካልያዘ፣ ሸሚዙን በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ሳናሽ አጥበን ብናሰጣው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይሆናል። ኃላፊነቱ ግን የእኛው ነው።

ሁለተኛው ገበር ያለው የሱፍ ኮት ነው፤ «በደረቅ እጥበት ብቻ» ይላል። ደረቅ ይባል እንጂ ላውንደሪ ቤት ልብሱ ይነከራል፤ የሚነከረው ግን ቅባት በሚያሟሟ ኬሚካል ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይጠባል፣ ወደ ቀድሞ ልኩም አይመለስም። ገበሩ ደግሞ እንደ ሱፉ ስለማይጠብ ኮቱ ይጨማደዳል። ደረቱን ለማጠንከር ከውስጥ በሙጫ የተለጠፈው ጨርቅ ከለቀቀም ፊቱ ላይ እንደ አረፋ ያብጣል። ይህን ካውያ አያስተካክለውም።

ስለዚህ ጽሑፉን ካነበብን በኋላ ልብሱን ገልብጠን እንየው። ገበር፣ የተለጠፈ ማጠንከሪያ፣ ሱፍ ወይም ቀለም የሚለቅ ሐር ካገኘን ማስጠንቀቂያውን ቃል በቃል እንውሰደው፤ ለላውንደሪ የምንከፍለው ከአዲስ ኮት ዋጋ ያንሳል።