አንድ ጥርስ ብቻ ቢገኝ የባለቤቱ ዕድሜ ይታወቃል?

በግ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ መጀመሪያ የሚያደርገው የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ማየት ነው። ጥርስ ለውጧል ወይስ አልለወጠም? ከዚያ ዕድሜውን ይነግራችኋል። በሰውም ቢሆን እስከ 18 እና 20 ዓመት ድረስ ነገሩ ብዙም አይከብድም፤ የትኛው ጥርስ በቅሏል፣ የትኛውስ ሥሩን ጨርሷል ብሎ ማየት በቂ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ ስደተኛ 18 ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም ለማለት አንዳንድ አገሮች የመጨረሻውን መንጋጋ በራጅ የሚያዩትም ለዚህ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ጥርስ በቅሎ ካለቀ የ30 ዓመት ሰው ከ50 ዓመት ሰው በምን ይለያል? ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ወይም አጽም ሲገኝ ፖሊስ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ የጠፉ ሰዎችን ዝርዝር ማጥበብ የሚቻለው በዕድሜ ነውና። ዛሬ ባለሙያዎች የሚያዩዋቸውን ሦስት ምልክቶች እናንሳ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የጥርስ መሸርሸር ነው። ስናኝክ ጥርስ ከጥርስ፣ ጥርስም ከምግብ ጋር እየተፋጨ ጫፉ ይለሰልሳል። ቀስ በቀስ ነጩ ጠንካራ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜሉ፣ አልቆ ከሥሩ ያለው ቢጫማ ዴንቲን ብቅ ይላል። ግን ይህ በስንት ዓመት ይሆናል? እዚህ ላይ ማይልስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው ዘዴ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ይበቅላል፣ ሁለተኛው በ12፣ ሦስተኛው በ18 ገደማ። ስለዚህ የ18 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው መንጋጋው 12 ዓመት ሠርቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ 6 ዓመት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ማኅበረሰብ 6 ዓመት ማኘክ ጥርስን ምን ያህል እንደሚፈጅ ያሳያል ማለት ነው። በወጣቶቹ አጽም ፍጥነቱን ከለካችሁ የትልልቆቹን ዕድሜ በዚያው ሚዛን ትገምታላችሁ።

ዘዴው በጥንት መቃብር ላይ ይሠራል፤ አብረው የተቀበሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ይበሉ ነበርና። ለዛሬ ከተሜ ግን አያስተማምንም። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ እህል ብናኝ ድንጋይ ስላለው ጥርስን ይሞርዳል፤ ለስላሳ ዳቦና ፓስታ የሚበላው ሰው ጥርስ ደግሞ በ50 ዓመቱም ብዙም ላይነካ ይችላል። ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም አለ፣ እሱ በ30 ዓመቱ የሽማግሌ ጥርስ ይኖረዋል። ከፊት ለፊቱ የሚገጥመው ጥርስ የወለቀ ከሆነ ደግሞ ያ ብቻውን የቀረው አይሸረሸርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ባለሙያው አንድ ጎን ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ምክንያቱ ዕድሜ ሳይሆን ልማድ ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ሁለተኛው የድድ መሸሽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ድድ ወደ ሥር እያፈገፈገ ጥርስ የረዘመ ይመስላል። ላመንዲን የሚባል ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንን ከሌላ ምልክት ጋር አጣምረው ቀመር አወጡ። ሌላው ምልክት የሥሩ ብርሃን ማሳለፍ ነው። በዴንቲን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቱቦዎች በማዕድን እየተሞሉ ሲሄዱ ሥሩ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ቀመሩ ይኸው፦

ዕድሜ = (0.18 × ድድ) + (0.42 × ብርሃን) + 25.53

ሁለቱም የሚገቡት ከሥሩ ርዝመት በመቶኛ ተሰልተው ነው። ለምሳሌ ያህል የፈጠርነውን አንድ ጥርስ እንውሰድ፣ ባለ አንድ ሥር ትንሽ መንጋጋ። ሥሩ 14 ሚሊሜትር ነው። ድዱ የነበረበት ቦታ ሥሩ ላይ ቢጫ ለስላሳ ምልክት ትቷል፤ ከኢናሜሉ ጠርዝ እስከዚያ 3 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም 21.4 በመቶ። ጥርሱን መብራት ላይ ሲያስቀምጡት ከጫፉ 5.6 ሚሊሜትር ያህል ብርሃን ያሳልፋል፣ 40 በመቶ መሆኑ ነው። ስናሰላው 3.9 እና 16.8 እና 25.53፣ በድምሩ 46 ዓመት ገደማ።

እዚህ አንድ ነገር አስተውሉ። ድዱ 3 ሳይሆን 6 ሚሊሜትር ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም እጥፍ፣ ዕድሜው የሚጨምረው በ4 ዓመት ብቻ ነው። ቀመሩ ራሱ ድድን ብዙም አያምነውም፤ ትክክልም ነው። ድድ በበሽታ፣ ጥርስ ላይ በሚጠራቀም ድንጋይ፣ በጠንካራ ቡርሽ ኃይል ተጠቅሞ በመፋቅም ይሸሻል። ስለዚህ በመስታወት አይታችሁ ድዴ ሸሽቷል ብላችሁ ራሳችሁን አታስረጁ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ እንጂ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሁለቱም ልኬቶች ዜሮ ቢሆኑ እንኳ ቀመሩ 25 ዓመት ተኩል ይሰጣል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። በተግባርም ወጣቶችን ያስረጃል፣ በጣም ያረጁትን ደግሞ ልጅ ያደርጋል። የሚሻለው ከ40 እስከ 80 ባለው መካከል ነው፤ እዚያም ስህተቱ በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ 46 ያልነው ሰው በሪፖርቱ ላይ "ከ36 እስከ 56" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሦስተኛው፣ ለእኛ በጣም የሚገርመን፣ ሴመንተም ነው። ይህ የጥርሱን ሥር የሚሸፍንና ሥሩን ከመንጋጋ አጥንት ጋር በሚያያይዙት ክሮች የሚይዝ ስስ ንብርብር ነው። አጥንት እየፈረሰ እየታደሰ ይኖራል፤ ሴመንተም ግን በአብዛኛው ሳይፈርስ በላዩ ላይ እየተደረበ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ዛፍ ቀለበት። በዓመት አንድ ብሩህና አንድ ጥቁር መስመር ይጨምራል ተብሎ ይቆጠራል። የዱር እንስሳት ባለሙያዎች የድብንና የአጋዘንን ዕድሜ በዚህ ሲያውቁ ቆይተዋል፤ በሰው ጥርስ ላይ ሥራው ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥርሱ በጠንካራ ሙጫ ይቀበርና ከሥሩ መካከለኛ ክፍል አግድም በአልማዝ መጋዝ ይቆረጣል። ቁራጩ ከ0.1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ውፍረት ሲኖረው በማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሳና መስመሮቹ ይቆጠራሉ፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፣ በተለያየ ቦታ። ከዚያ ጥርሱ የበቀለበት ዕድሜ ይደመራል። ቅድም ባልነው ትንሽ መንጋጋ 35 ጥንድ መስመር ቢገኝ፣ እሱ የሚበቅለው በ10 ወይም 11 ዓመት ገደማ ስለሆነ 45 ወይም 46 ይሆናል። ከቀመሩ ጋር ገጠመ ማለት ነው፣ ግምቱም ይጠነክራል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። አንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል፣ የማይክሮስኮፑ ትኩረት ትንሽ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፣ በሽማግሌዎች ላይ መስመሮቹ ተጠጋግተው ስለሚደበዝዙ ቆጠራው ያንሳል። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ውጤታቸው በጣም ከተራራቀ ያ ቁራጭ ይጣልና ሌላ ይወሰዳል። ጥርሱም አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች መጀመሪያ ጥርሱን ፎቶ አንስተው፣ የመሸርሸርና የድድ ልኬቱን መዝግበው፣ የዲኤንኤ ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነም አስቀድመው ወስደው፣ መጋዙን መጨረሻ ላይ የሚያነሱት።

የተቃጠለ አስከሬን ከሆነ ደግሞ ኢናሜሉ ተሰነጣጥቆ ቢወድቅም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥር ሊተርፍ ይችላል። ያኔ የሚቆጠር ነገር ካለ እዚያው ሥሩ ላይ ነው የሚፈለገው።