1951 በማን አቆጣጠር?

የአያቴ ሲንጀር ላይ ዙሪያዋ ሰማያዊ የሆነ ትንሽ የናስ ባጅ አለች። «1851» እና «1951» የሚሉ ሁለት ዓመቶች ተጽፈውባታል። እኛ ቤት ለዓመታት ጭቅጭቅ ያስነሳችው እሷ ናት።

የአያቴ የበኩር ልጅ የሆነው አጎቴ «ይኼን መኪና አባታችን ነው የገዛላት፣ በ1951። ይኸው ተጽፎበታል!» ይላል። አያቴ ደግሞ «እናቴ በሬ ሸጣ የገዛችልኝ ነው፤ ሳገባ ይዤው መጣሁ» ትላለች። ያገባችው ጥር 1946 ዓ.ም. ነው። እሷ ትዝታዋ ብቻ ነው ያላት፣ አጎቴ ግን በብረት ላይ የተጻፈ ቁጥር አለው። ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ ቤተሰቡ «እርጅና ነው፣ ተዋት» ማለት ጀመረ። ይቺ ነገር አናደደችኝ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ውሎዬ ሶፍትዌር መጻፍ ሆኖ፣ ቢያንስ የመኪናውን ዕድሜ ማወቅ አያቅተኝም ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ሁሉም ምልክት እኩል እንደማይታመን ነው። በአንድ አሮጌ መኪና ላይ አንዳንዱ ነገር ይነቀላል፣ አንዳንዱ አይነቀልም። መዘውሩ ሲሰበር ከሌላ መኪና ይመጣል። እግሩና ጠረጴዛውም እንደዚያው። ባጇ ራሷ በትናንሽ ሚስማሮች ነው የተያዘችው፤ ሰው ከፈለገ ያነሳታል። ተከታታይ ቁጥሩ ግን ዋናው ብረት ላይ የተመታ ስለሆነ ከመኪናው አይለይም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ቁጥሩ ያለው በቀኝ በኩል፣ የመኪናው ጠፍጣፋ መሠረት ላይ፣ ከፍ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። የሰባ ዓመት ዘይትና ክር ተጋግሮበት ነበር። በአልኮል ልጠርገው ስል ቆም ብዬ ማንበቤ በጀኝ፤ አልኮል የድሮውን ቫርኒሽ ስለሚያሟሟ ወርቃማውን ሥዕል ይዞት ይሄዳል። ለስላሳ ጨርቅ በስፌት መኪና ዘይት ነክሬ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ስድስት አሃዞች ብቅ አሉ። ፊደሎቹን «ኢሲ» ብዬ አነበብኳቸው።

ሲንጀር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቁጥሩ በፊት ፊደል ያስቀምጥ ነበር፤ ፊደሉ ፋብሪካውን ይነግርሃል። ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በ«ኢ» የሚጀምሩት ጥንድ ፊደላት ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከተማ የነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ ናቸው። ያ ፋብሪካ በ1885 ተከፍቶ በ1980 የተዘጋ ነው። ሞዴሉ «15ኬ» ሲባልም «ኬ»ዋ ኪልቦዊ ማለት ነች። እስከዚህ ጥሩ። ነገር ግን «ኢሲ» የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1939 እና 1940 ገደማ። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ መኪና 1951 የሚል ባጅ ምን ሊሠራበት?

ኮድ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ግጭት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ስህተቱ ቅርብ ነው ማለት ነዋ። ወይ ባጇ ከሌላ መኪና መጥታለች፣ ወይ እኔ ቁጥሩን ተሳስቻለሁ። ጠመኔ ፈጭቼ የተመታው ቦታ ላይ አሸሁና ትርፉን ጠረግኩ። ነጩ ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀር፣ የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁበት። «ሲ» ያልኩት ፊደል መሀሉ ላይ አጭር አግዳሚ ሰረዝ ነበረው። «ጂ» ነው እንጂ «ሲ» አይደለም! በአንዲት ሰረዝ አስር ዓመት ያህል ስቼ ነበር። «ኢጂ» ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1950 አካባቢ ያደርሰናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኩባንያው መዝገብ ላይ ያለው ቀን መኪናው የተሠራበት ቀን አይደለም። ፋብሪካው ለአንድ ሞዴል በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን በጥቅል አስቀድሞ ይመድባል፤ የተመዘገበው ያ ምደባ ነው። መኪኖቹ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይሠራሉ። ዳታቤዝ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ ሲስተሙ መለያ ቁጥሮችን በብዛት ቀድሞ ይይዛል፣ ዳታው ግን በኋላ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን «ከዚህ በፊት አልተሠራም» የሚለውን ነው። በ1950 የተመደበ ቁጥር የያዘ መኪና የ1951 ባጅ ቢኖረው ምንም አያስገርምም።

ባጇም ቢሆን የፋብሪካ ቀን ሳትሆን የበዓል ማስታወሻ ናት። ኩባንያው በ1851 ተመሥርቶ፣ መቶ ዓመት ሲሞላው ነው የለጠፋት። በዚያ ዙሪያ የወጡ መኪኖች ይህችን ባጅ ይዘዋል።

ቀሪዎቹን ምልክቶችም አየኋቸው። ወርቃማው የክንፍ ሥዕል ጨርቅ በሚተሻሽበት በኩል ተፋቋል። አጎቴ «ጥንታዊ» የሚለው እሱን ነው፤ ግን ሲንጀር የግብፅ መልክ ያላቸውን ሥዕሎች ለአሥርት ዓመታት ሲደጋግማቸው ስለኖረ ዕድሜን በትክክል አይቆርጡም። የአሠራሩ ቅርጽ ይሻላል። የእኛው መኪና የስፌቱን ርዝመት የሚለካው በማንሻ ነው፣ ማንሻው ወደ ላይ ሲነሳ ወደ ኋላ ይሰፋል። የቀደሙት 15ዎች ርዝመቱን የሚያስተካክሉት በብሎን ነበር፤ ወደ ኋላም አይሰፉም። ማንሻው እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን አሥርት ዓመታት ይሰርዛል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ ከጦርነቱ በኋላ የጃፓንና የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ 15 ስለቀዱት፣ የጎረቤታችን ቢራቢሮም ውስጡ ሲከፈት የሲንጀር መንትያ ይመስላል።

በዚህ በኩል የአሜሪካ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ስልኮች የተሻሉ ናቸው፤ ዋና ዋና ክፍሎቻቸው ላይ የየራሳቸው ቀን ታትሟል። ቀኖቹ ከተራራቁ ስልኩ ታድሷል ማለት ነው። ስፌት መኪና እንዲህ አያግዝም። የተለያዩ ምልክቶች መስማማታቸውን ነው የምታየው። የእኛው ተስማምቷል፦ ቁጥሩ 1950 አካባቢ፣ ባጇ 1951፣ ማንሻው ከ1930ዎቹ ወዲህ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ እንመለስ። ያ 1951 በእነሱ አቆጣጠር ነው! ስኮትላንድ ያለ ፋብሪካ በኛ ዓመተ ምሕረት ምን አስጻፈው? በኛ 1943 መጨረሻና 1944 መጀመሪያ ማለት ነው። አያቴ ከማግባቷ ሁለት ዓመት ያህል በፊት። ቤተሰቡ በሙሉ ስልሳ ምናምን ዓመት ያቺን ቁጥር ሲያይ አንድ ሰው እንኳ ሰባትና ስምንት አልቀነሰም። እኔም ጭምር።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ቁጥሩ ማን እንደገዛው አይነግረኝም። በኛ 1951 አያቴ ባል ያገለገለ መኪና ገዝቶ ሊሆንም ይችል ነበር። የእናቷን በሬ የሚያረጋግጥ ደረሰኝ የለኝም። የወደቀው ነገር አንድ ነው፤ ትዝታዋን ውሸት ያደረገው ብቸኛ ማስረጃ። ባጇ ድሮም በእሷ ላይ አልመሰከረችም።

ለአጎቴ ስነግረው ዝም ብሎ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ወደ አያቴ ዞሮ «እማዬ፣ በሬውን በስንት ሸጠችው?» አላት። እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ ልጅ ነበርኩ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ደግሞ ጠመኔውን ጥረግልኝ» አለች።