ዜናው ሲወጣ ዋጋው የት ነበር? የብር ተንሳፋፊ ቀን ታሪክ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 29 ቀን 2024፣ ሰኞ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን ያስታወቀው በዚያ ቀን ነው። ካምፓላ ሆነን ዕቃ ወደ አዲስ አበባ የምንልክ፣ ቤተሰብ የምንረዳ፣ ከቡና እስከ ልብስ የምንነግድ ሁላችን ስልካችን ያለማቋረጥ ጮኸ። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ነበር፦ አሁን ዶላር እንግዛ ወይስ እንሽጥ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ የቆየ ሐሳብ አለ። የሐሳቡ መነሻ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ቢሆንም ለእኛ ለድንበር ተሻጋሪ ነጋዴዎችም ይሠራል፤ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሁለቱንም በዚያች ሰኞ ላይ እንያቸው።

ሐሳቡን ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው ዩጂን ፋማ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ “ቀልጣፋ ገበያ” የሚለውን በሦስት ደረጃ ከፈለው። ቀልጣፋ ማለት እዚህ ላይ ፈጣን አገልግሎት ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሚታወቀውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ በውስጡ ይዟል ማለት ነው።

በመጀመሪያው፣ ደካማ በሚባለው መልክ፣ ዋጋው ያለፉትን ዋጋዎች ሁሉ ይዟል። ትናንት ስለ ጨመረ ነገም ይጨምራል ብሎ መግዛት አያተርፍም። በሁለተኛው፣ ከፊል ጠንካራ በሚባለው፣ ዋጋው ለሕዝብ የወጣውን ዜና ሁሉ ይዟል። ሬዲዮ ሰምቶ የሚሮጥ ሰው ሲደርስ ዋጋው ቀድሞት ተነሥቷል። በሦስተኛው፣ ጠንካራ በሚባለው፣ ዋጋው የውስጥ አዋቂ ብቻ የሚያውቀውን እንኳ ይዟል፤ ምስጢር የያዘ ሰውም አያተርፍም።

ይህ እውነት መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል? መንገዱን ያሳየው ፋማ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር፣ ከፊሸር፣ ከጄንሰንና ከሮል ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች አንዱን አክሲዮን ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፍሉታል። እንጀራ በአራት ቢቆረጥ እንጀራው አይበዛም፤ ሆኖም ሰዎች ይህን እንደ መልካም ዜና ያዩት ነበር። አራቱ ሰዎች ከ1927 እስከ 1959 በኒውዮርክ የተደረጉ 940 እንዲህ ያሉ ክፍፍሎችን ሰበሰቡ። የቀን መቁጠሪያውን ትተው ክፍፍሉ የተደረገበትን ወር ለሁሉም “ዜሮ” አሉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር ገበያው በአጠቃላይ ሲወጣና ሲወርድ ያ አክሲዮን ምን ያህል ሊሄድ ይገባው እንደነበር አሰሉ፤ የሚጠበቀውን ከትክክለኛው ቀነሱ፤ ትርፍራፊውንም ለ940ው በአማካይ ወስደው በተከታታይ ደመሩት። ዛሬ “የክስተት ጥናት” የሚባለው ዘዴ ይህ ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ትርፍራፊው ከዜሮ ወር በፊት ባሉት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ያድጋል፤ ከዜሮ ወር በኋላ ግን በአማካይ ጠፍጣፋ ይሆናል። ዜናው በይፋ ከተፈጸመ በኋላ የገዛ ሰው ከሌላው የተለየ ትርፍ አላገኘም። ይህ ለሁለተኛው መልክ ጠንካራ ድጋፍ ሆነ።

ነገር ግን ዘዴው ራሱ ሐሳቡን የሚቃወም ማስረጃም አመጣ። ቦልና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1968 የኩባንያዎችን ዓመታዊ የትርፍ ሪፖርት ሲያጠኑ፣ አብዛኛው ዜና ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ዋጋው ውስጥ ገብቶ አገኙት። ሆኖም ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ዋጋው በዚያው አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ መንሸራተቱን ቀጠለ። ኪዮንና ፒንከርተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ሌላ ኩባንያ ሊገዛቸው የነበሩ 194 ኩባንያዎችን ተመለከቱ። የዋጋው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ስምምነቱ ለሕዝብ ከመነገሩ በፊት ነበር። ቀሪው ግማሽ የመጣው በማስታወቂያው ጊዜ ነው። ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። ምስጢር ይወጣል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ኖሮ በማስታወቂያው ቀን ዋጋው ባልዘለለ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው መልክ አልቆመም።

አሁን ወደ ሰኞዋ እንመለስና በዚሁ ዘዴ እንለካት።

በመጀመሪያ የሚጠበቀውን እንወቅ። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት የባንኩ ይፋ ዋጋ ከ55 ብር ገደማ ወደ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ነው የተንፏቀቀው። በሳምንት ሲታሰብ ጥቂት ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከዓርብ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ የሚጠበቀው ለውጥ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ሰኞ ዕለት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን በ74 ብር ከ73 ሳንቲም አወጣው። ከሚጠበቀው በላይ የሆነው ወደ 17 ብር፣ ማለትም ሠላሳ በመቶ ነው። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ ልዩ የዶላር ጨረታ አደረገ፤ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ሆነ። ከዓርቡ ዋጋ እስከ ጨረታው ያለው ልዩነት 50 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የታየው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር።

የባንኩን ሰሌዳ ብቻ ያየ ሰው “ገበያው ቀልጣፋ አይደለም፤ ዜናው ሰኞ ወጥቶ ዋጋው ቀስ እያለ ወጣ” ሊል ይችላል። የመንገዱን ዋጋ ግን እንይ። ከማስታወቂያው በፊት በትይዩ ገበያ አንድ ዶላር ከ115 እስከ 120 ብር አካባቢ ይመነዘር እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ይህ ዋጋ ሰኞ ዕለት በሠላሳ በመቶ አልዘለለም። የተንቀሳቀሰው ይፋው ዋጋ ነው፤ እሱም ወደ መንገዱ ዋጋ ሄደ። ጨረታው ያረፈውም ከመንገዱ ዋጋ ብዙም ባልራቀ ቦታ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ስትደራደር መቆየቷ፣ የድርድሩም ዋና ጉዳይ ምንዛሪው መሆኑ ምስጢር አልነበረም። ዶላር በይፋ ዋጋ ማግኘት እንደማይቻል ወረፋ የጠበቀ አስመጪ ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር ከ2.07 ወደ 5 መውረዱን፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያም በ15 በመቶ መቀነሱን የሚያስታውስ ነጋዴ አቅጣጫውን መገመት አያቅተውም። መንገዱ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ከትቶት ነበር። ስለዚህ “ብር ሠላሳ በመቶ ወረደ” የሚለውን ሰምቶ ሰኞ ማታ በትይዩ ገበያ ዶላር ለመግዛት የሮጠ ሰው የገዛው ያረጀ ዜና ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው መልክ አስቂኝ ጥያቄ ያመጣል። የባንኩ ዋጋ በየሳምንቱ በጥቂት ሳንቲም ሲንፏቀቅ ነገ የሚሆነውን ከትናንቱ መገመት ይቻል ነበር። ይህ ደካማውን መልክ አያፈርስም? አያፈርስም፤ ምክንያቱም በዚያ ዋጋ የፈለገ ሰው ሁሉ መግዛት አይችልም ነበር። ሊገዙበት የማይቻል ዋጋ የገበያ ዋጋ ሳይሆን የወረፋ ቁጥር ነው። ኤልሲ ተፈቅዶለት በ57 ብር ዶላር ያገኘ አስመጪ ያተረፈው ዋጋን በመገመቱ ሳይሆን ፈቃዱን በማግኘቱ ነው።

ይህ ለዕቃ ዋጋም ትርጉም አለው። በመንገድ ዶላር የገባ ጫማና ጨርቅ ወጪው ቀድሞም በ115 ብር የተሰላ ነበርና በማስታወቂያው ምክንያት የሚጨምርበት ብዙ ምክንያት አልነበረውም። በይፋ ዋጋ ይገቡ የነበሩት እንደ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ያሉት ናቸው ወጪያቸው በእርግጥ የሚወጣው፤ መንግሥትም ድጎማ ያስፈለገው ለእነዚህ ነው። ዕቃውን አይቶ “ዶላሩ ከየት መጣ?” ብሎ የጠየቀ ነጋዴ የትኛው እንደሚወደድ መለየት ይችል ነበር።

የምንኖርባት ኡጋንዳም በዚህ መንገድ አልፋለች። እዚህ ፎሬክስ ቢሮዎች በሕግ የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ይፋውና የቢሮዎቹ ዋጋ በአንድ የባንኮች ገበያ የተዋሐዱት ደግሞ በ1993 መጨረሻ። ነገሩ በዓመታት ስለተካሄደ “ዜሮ ቀን” ብሎ ነጥሎ መለካት ይከብዳል። ዛሬ ካምፓላ ሮድ ላይ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ብንሄድ የምናገኘው የዋጋ ልዩነት ትንሽ የሆነው ማንም ሰው በተጻፈው ዋጋ መግዛትና መሸጥ ስለሚችል ነው።

ይህ ልኬታችን ግን ድክመቶች አሉት። ፋማና ባልደረቦቹ 940 ክስተት ነበራቸው፤ እኛ ያለን አንድ ነው፤ በአንድ ክስተት ዕድልን ከሕግ መለየት አይቻልም። በዚያው ቀን የገንዘብ ድርጅቱ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል፤ የብሩ መንሳፈፍና የብድሩ ዜና አንድ ላይ ስለመጡ የትኛው ምን እንደሠራ መነጠል አይቻልም፤ አንዱ ዶላርን ሲያስወድድ ሌላው ሊያረክስ ይችላል። የመንገድ ዋጋም ሰሌዳ የለውም፤ በአፍ የሚነገር ነው፤ ለመቶ ዶላርና ለአሥር ሺህ ዶላር አንድ አይደለም። ከሁሉ በላይ “የሚጠበቀው ዋጋ” ብለን የያዝነው ስሌት ከተሳሳተ፣ ትርፍራፊ የመሰለን ነገር የራሳችን ስሌት ስሕተት ይሆናል። ይህን ችግር ፋማ ራሱ ደጋግሞ አንሥቶታል።

ለቀጣዩ ዜና ግን ዘዴው በእጃችን ነው። ከዜናው በፊት ባሉት ሳምንታት የምንነግድበትን ዋጋ፣ የመግዣውንም የመሸጫውንም፣ በየቀኑ እንመዝግብ። ዜናው ሲወጣ ከተለመደው እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደወጣ እንቀንስ። የቀረው ልዩነት በመግዣና በመሸጫ መካከል ካለው ክፍተት ካነሰ፣ ትርፍ ቢመስልም በእጅ አይገባም። ከበለጠ ደግሞ፣ በዚያ ዋጋ የሚሸጥልን ሰው በእውነት መኖሩን ገንዘብ ከመላካችን በፊት እናረጋግጥ።